የእህል ወፍጮ ፑሌጃና ቺንጋ ስለሚለካበት ሥርዐት

በሰሜን ወሎ በግዳን ወረዳ በሙጃ ደጋ፣ ገብስና ስንዴ በሚፈጭበት አገር የሞተር ወፍጮ ለመትከል የሚታሰብ እንደ ሆነ፣ ሥራው ከሚበላሽባቸው ምክንያቶች አንዱ የፑሌጃው ልክ በግምት መመረጡ ነው። ሞተሩ ፈጥኖ ይዞራል፤ ድንጋዩ ግን ዘግይቶ እንዲዞር የተሠራ ነው። ይህን ልዩነት የሚያስማማው ሁለቱ ፑሌጃዎችና በመካከላቸው የሚሄደው ባለ ቦይ ቺንጋ ነው። ስለዚህ ወፍጮ የሚያስተክል ባለቤት፣ ፈቃድ የሚሰጥም ሹም፣ ስሌቱን ራሱ ሊያጣራው ይችል ዘንድ አካሄዱ ከዚህ ቀጥሎ ይገለጻል።

አንደኛ፣ የፑሌጃው ስፋት። ሞተሩ በደቂቃ 1,000 ጊዜ ይዞራል፣ ድንጋዩን የሠራው ፋብሪካም ከ500 ዙር እንዳያልፍ አዝዟል እንበል። የሞተሩ ፑሌጃ ዲያሜትር 200 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ 200 በ1,000 ተባዝቶ ለ500 ይካፈላል፤ የወፍጮው ፑሌጃ 400 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ይህ ልክ የሚወሰደው ከፑሌጃው ውጭ ጠርዝ ሳይሆን ቺንጋው በቦዩ ውስጥ ተቀምጦ ከሚሳብበት መስመር ላይ ነው። የጠርዙ ልክ ከዚህ በጥቂት ሚሊ ሜትር ይበልጣልና ሁለቱን ማደባለቅ አይገባም።

ሁለተኛ፣ የዘንጎቹ ርቀትና የቺንጋው ርዝመት። ከሞተሩ ዘንግ እስከ ወፍጮው ዘንግ ያለው ርቀት የሁለቱን ዲያሜትር ድምር ከሰባት ዐሥረኛው ባያንስ፣ ከድምሩም እጥፍ ባይበልጥ መልካም ነው። በዚህ ምሳሌ ድምሩ 600 ስለ ሆነ ርቀቱ ከ420 እስከ 1,200 ሚሊ ሜትር ሊሆን ይችላል፤ ለመጀመሪያ 900 ይያዝ። ርቀቱ ሁለት ጊዜ ሲወሰድ 1,800 ነው። የዲያሜትሮቹ ድምር በ1.57 ሲባዛ 942 ይሆናል። የዲያሜትሮቹ ልዩነት 200 በራሱ ተባዝቶ ለርቀቱ አራት እጥፍ፣ ማለት ለ3,600 ሲካፈል 11 ይሰጣል። ሦስቱ ተደምረው 2,753 ሚሊ ሜትር ነው።

ይህን የሚያህል ቺንጋ ግን በገበያ አይገኝም፤ ቺንጋ የሚሸጠው በተወሰነ ልክ ነውና ከዚህ በላይ ያለው ቅርብ ልክ 2,800 ነው። ትርፉ 47 ሚሊ ሜትር ስለ ሆነ እኩሌታው በርቀቱ ላይ ይጨመራል፤ ሞተሩም በ923 ሚሊ ሜትር ርቀት ይተከላል። በቺንጋው ላይ የተጻፈው ቍጥር የውስጥ ርዝመት ወይም የመሳቢያው መስመር ርዝመት መሆኑን ሻጩን መጠየቅ ያስፈልጋል።

የሞተሩ መቀመጫ ቀዳዳ ረዘም ብሎ መበሳት አለበት። ቺንጋው ሲገባ ሞተሩ ወደ ወፍጮው 4 ሳንቲ ሜትር ያህል እንዲጠጋ፣ ቺንጋው ሲለጠጥም 8 ሳንቲ ሜትር ያህል እንዲርቅ ነው። ቦታ ሳይተውለት የተተከለ እንደ ሆነ ሠራተኛው ቺንጋውን በብረት እየፈለቀቀ ያስገባዋል፤ ውስጡ ያለው ክርም ተበጥሶ ቺንጋው ሳይቈይ ያልቃል። በአንድ ፑሌጃ ላይ ብዙ ቺንጋዎች ቢኖሩ አንዱ ሲያልቅ ሁሉም በአንድነት ይለወጣሉ፤ አለዚያ አዲሱ አጭር ስለ ሆነ ሸክሙን ብቻውን ይሸከማል።

ሦስተኛ፣ ስለ ፍጥነት መጠንቀቅ። አንዳንድ ወፍጮ አስፈጪ ብዙ ኩንታል በቶሎ ለመፍጨት ሲል የሞተሩን ፑሌጃ በ240 ይለውጠዋል። ድንጋዩ በዚያን ጊዜ በደቂቃ 600 ይዞራል። ፍጥነቱ በአምስት አንድ እጅ ብቻ የጨመረ ይመስላል፤ ድንጋዩን ወደ ውጭ የሚገነጥለው ኀይል ግን 1.2 በ1.2 ተባዝቶ 1.44 እጥፍ ይሆናል። ስንጥቅ ያለበት ድንጋይ በዚህ ኀይል ቢፈነዳ በአጠገቡ ያለውን ሰው ይገድላል። ዱቄቱም ይግላል፤ የተቃጠለ ሽታ ያመጣል።

በደጋ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። በከፍታ አየሩ ስስ ስለ ሆነ ተጨማሪ አየር የሚነፋ መሣሪያ የሌለው የናፍጣ ሞተር በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ ከመቶ አንድ ያህል ያጣል። 15 የፈረስ ጉልበት የተባለው በ2,500 ሜትር ከፍታ ላይ 11 ከሩብ ያህል ብቻ ይቀረዋል። ፑሌጃው ቢተልቅ ሞተሩ ጥቁር ጭስ እያወጣ ይደክማል እንጂ ፍጪው አይበዛም።

የቺንጋው መላላት በምልክቱ ይታወቃል፤ እህል ሲገባ ይጮኻል፣ ጐኑም ይሞቃል፣ ያብለጨልጫል። በሁለቱ ፑሌጃዎች መካከል ፋብሪካው ባዘዘው ኀይል ሲጫኑት 15 ሚሊ ሜትር ያህል ቢጐብጥ ውጥረቱ ልክ ነው። የቦዩ ወለል አብለጭልጮ ቢገኝ ግን ቺንጋው በጐኑ መያዙን ትቶ ወለሉን ነክቷልና ማጥበቅ አይረዳውም፤ ያለቀው ቺንጋ ወይም ፑሌጃ መለወጥ አለበት።

እንግዲህ ወፍጮ ሲመረመር ሦስት ቍጥር በጽሑፍ መጠየቅ ይገባል፤ ፋብሪካው ለድንጋዩ የወሰነው ከፍተኛ ዙር፣ የሞተሩ ዙር፣ የሁለቱም ፑሌጃ ዲያሜትር። እነዚህ ተባዝተውና ተካፍለው ከተወሰነው ዙር የሚበልጥ ቢመጣ፣ ፑሌጃው እስኪለወጥ ድረስ ወፍጮው መቆም አለበት።