ዴቢቱ በልጦ ልዩነቱ ለዘጠኝ ሲካፈል

ትራያል ባላንስ የሌጀሩ ሂሳቦች ቀሪ በሙሉ በዴቢትና በክሬዲት ዓምድ ተዘርዝሮ የሚደመርበት ወረቀት ነው። ሁለቱ ድምሮች እኩል መምጣት አለባቸው። ይህን የሂሳብ ሥራ የጀመረ ሁሉ ስለሚያውቀው አልቆይበትም። የምቆየው ባላንስ አላደርግም ባለበት ቀን ላይ ነው፤ በተለይ ዴቢቱ በልጦ፣ ልዩነቱ ለዘጠኝ ያለ ቀሪ በተካፈለበት ቀን። ብዙ የሂሳብ ሠራተኛ «ለዘጠኝ ከተካፈለ ቁጥር ተገላብጧል» የምትለዋን ይዞ ከኮሌጅ ይወጣና፣ ሌጀሩን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ መግለጥ ይቀጥላል። ይህቺ አባባል ግማሽ ብቻ ናት። ልዩነቱ የትኛው ቤት ላይ እንደተሳሳትን፣ በየትኛው ዓምድ ምን ዓይነት ቁጥር መፈለግ እንዳለብን ጭምር ይናገራል።

ዘጠኝ ከየት መጣ? 27ን 72 ብለን ጻፍን እንበል። ከአንድ ቤት ወደ አሥር ቤት የወጣው 7፣ ሰባት የነበረው ሰባ ሆነ፤ 63 ጨመረ። ከአሥር ቤት የወረደው 2፣ ሃያ የነበረው ሁለት ሆነ፤ 18 ቀነሰ። የወጣው በራሱ ዘጠኝ እጥፍ ጨመረ፣ የወረደው በራሱ ዘጠኝ እጥፍ ቀነሰ። የተረፈው 45 ነው፤ ለዘጠኝ ሲካፈል 5፣ ይኸውም በ7 እና በ2 መካከል ያለው ልዩነት። ስህተቱ በመቶና በሺህ ቤት ላይ ቢሆን ውጤቱ ያው ሆኖ ከኋላው ሁለት ዜሮ ይከተለዋል።

በነገራችን ላይ፣ በግዕዝ ቁጥር ለሚጽፍ ሰው ይህ ስህተት የለም። ፳፯ ቢገላበጥ ፯፳ ይሆናል፤ እንዲህ የሚባል ቁጥር ስለሌለ ያየው ሁሉ ወዲያው ይነቃል። ሰባ ሁለት በራሱ ሌላ ምልክት ፸፪ ተብሎ ነው የሚጻፈው። ዘጠኝ የሚያሳድደን አንድ አኃዝ እንደ ቆመበት ቤት ዋጋው በሚለዋወጥበት አጻጻፍ ስለምንሠራ ነው።

አሁን ወደ ጎፋ። እዚያ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥ አንድ ሱቅ መዝገቡን በእጅ ይይዝ ነበር። ዓመቱ ሰኔ 30 ተዘግቶ ሌጀሩ ሲጠቃለል ዴቢቱ 2,846,310 ብር፣ ክሬዲቱ 2,840,910 ብር መጣ። የሂሳብ ሠራተኛዋ «ጋሼ፣ 5,400 ነው፤ ለዘጠኝ ይካፈላል» ብላ ደወለችልኝ። ድምሩን ደግማ ከታች ወደ ላይ ደምራው ነበር፤ ሁልጊዜ የሚቀድመውም እሱ ነው። ቀጥሎ 5,400 ራሱ አንድ ቦታ ተዘሎ እንደሆነ ይታያል፤ አልተዘለለም። ከዚያ የልዩነቱ ግማሽ 2,700 ከዴቢቱ ወገን ይፈለጋል፤ ምክንያቱም የክሬዲት ቀሪ በስህተት ዴቢት ላይ ሲጻፍ ልዩነቱ እጥፍ ይሆናል። እሱም የለም። የዘጠኝ ተራ የሚደርሰው ከዚህ በኋላ ነው።

5,400 ለዘጠኝ ሲካፈል 600 ነው። ይህ 600 ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። አንደኛው፣ ዜሮ ተጨምሯል ወይም ተቆርጧል። 600 የነበረ 6,000 ተብሎ ሲጻፍ የሚፈጠረው ልዩነት 5,400 ነው። ሁለተኛው፣ የሺህ ቤትና የመቶ ቤት አኃዞች ተገላብጠዋል፤ በመካከላቸውም የ6 ልዩነት አለ። ከዜሮ ሌላ አንድ አኃዝ ብቻ ያለበት መልስ ስለመጣ ነው እንዲህ ማለት የቻልነው። መልሱ 63 ቢሆን ኖሮ የጎረቤታሞች መገላበጥ አይሆንም፤ 63 ብር 630 ተብሎ እንደሆነ ነበር የምንፈልገው። 44 ቢሆን ደግሞ፣ 44 ብር 440 ከመባሉ ሌላ፣ መካከላቸው አንድ ቤት ያላቸው አኃዞች መለዋወጣቸው ይጠረጠራል፤ 519 በ915 ቦታ እንደሚጻፈው።

ከዚህ በኋላ ያለው ነው እኔ የምወደው፣ ሰው ግን የሚዘለው። የበለጠው ዴቢት ነው። ስለዚህ ወይ ዴቢት ላይ ቁጥሩ ከልኩ በላይ ተጽፏል፣ ወይ ክሬዲት ላይ ከልኩ በታች። ይህ ፍለጋውን በግማሽ ይቀንሰዋል። ለዜሮው ጥርጣሬ ከዴቢት 6,000፣ ከክሬዲት 600 ብቻ እንፈልጋለን። ለመገላበጡ ደግሞ ዴቢት ላይ የሺህ ቤቱ ከመቶ ቤቱ በ6 የሚበልጥባቸውን እንይዛለን፦ 60፣ 71፣ 82 እና 93። ክሬዲት ላይ ተቃራኒውን፦ 06፣ 17፣ 28 እና 39። ሌላውን ቁጥር ሁሉ በዓይን አልፈነው እንሄዳለን።

ሠራተኛዋ በስልክ ዓምዶቹን እያየች ስታነብልኝ 6,000ም 600ም አልተገኘም። በመገላበጡ በኩል ሦስት ብቻ ቀሩ። ዴቢት ላይ ነዳጅ 17,150 እና የመገልገያ ዕቃ 68,240፤ ክሬዲት ላይ ለዕቃ አቅራቢ የሚከፈል 42,850። ሦስቱን ከሌጀሩ ጋር ስታስተያይ የአቅራቢው ቀሪ 48,250 ሆኖ ተገኘ። ወደ ትራያል ባላንሱ ሲገለበጥ ነው 8 እና 2 ቦታ የተለዋወጡት።

ሦስቱም ከሌጀሩ ጋር ቢስማሙ ኖሮስ? ያኔ ስህተቱ ያለው ከጆርናል ወደ ሌጀር ሲመዘገብ ነው። በቀሪው ላይ የ28 ምልክት ላይታይ ይችላል፤ በየሂሳቡ ውስጥ የተመዘገቡትን ገንዘቦች እያንዳንዳቸውን በዚያው ወንፊት ማየት ግድ ይሆናል። ሲገኝም የተሳሳተው ቁጥር በአንድ መስመር ተሰርዞ ትክክለኛው ከላዩ ይጻፋል። እዚህ ላይ ጀማሪዎች የማረሚያ ጆርናል ለመሥራት ይቸኩላሉ። ዴቢቱና ክሬዲቱ እኩል የሆነ ጆርናል እኩል ያልሆነ ሌጀርን እንዴት ያስተካክላል? ሌላው ወገን ልክ ስለሆነ የሚነካው አንድ ወገን ብቻ ነው።

ዘጠኝ የማይነግረንም አለ። እንዲያው በአጋጣሚ ከመጣ ከዘጠኝ ልዩነት አንዱ ለዘጠኝ ይካፈላል፤ የተለያዩ ሁለት ስህተቶች ተደምረውም እንዲሁ ሊመጡ ይችላሉ። በእጅ ጽሑፍ 0 እንደ 9 ሲነበብ ልዩነቱ ዘጠኝ ነው፤ ምንም የተገላበጠ ግን የለም። «አሥራ ስድስት» ሲባል «ስልሳ» ብሎ የሰማ ሰው ደግሞ የሚፈጥረው ልዩነት 44 ስለሆነ ዘጠኝ አይዘውም። ደረሰኙ ላይ ያለው 27 ዴቢትም ክሬዲትም ላይ 72 ተብሎ ከተመዘገበ ትራያል ባላንሱ እኩል ይመጣል፤ ስህተቱን የሚያወጣው ከደረሰኙ ጋር ማስተያየት ብቻ ነው።

«አሁን እኮ ሁሉም በፒችትሪ ነው» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፣ ፒችትሪ እኩል ያልሆነ ጆርናል አይቀበልም። ነገር ግን ከእጅ መዝገብ ወይም ከኤክሴል ወደ እሱ ስትዛወሩ መነሻ ቀሪዎቹን የሚያስገባው ሰው ነው፤ እዚያ ላይ የተገላበጠ ቁጥር ካለ ልዩነቱ Beginning Balance Equity በሚባል ሂሳብ ውስጥ ይቀመጣል። ያንን ሂሳብ ከፍታችሁ እዩ። ዜሮ ካልሆነ፣ ያለውን ለዘጠኝ አካፍሉት።

ልዩነቱን «ሰስፔንስ» ውስጥ ወርውራችሁ ዓመቱን የምትዘጉም እባካችሁ ተዉ። 5,400 ብር የጠፋ ገንዘብ አልነበረም፤ ለአቅራቢው ያለ ዕዳ በዚያው ልክ አንሶ የተጻፈ ነበር፤ እሱ ደግሞ ገንዘቡን ሊቀበል ሲመጣ የሚጠይቀው 48,250 ነው።