የፋሲካው ዶሮ ወጥ በቅበላ ይቀረጻል

እ.ኤ.አ. በ2018 የጸደይ ወራት ኤል ሚልስ የተባለች ካናዳዊት ዩቲዩበር በ19 ዓመቷ መዛሏን የሚናገር ቪዲዮ ለቀቀች። በዚያን ጊዜ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተከታዮች ነበሯት። በልጅነቷ የተመኘችው ሁሉ በእጇ ገብቶ ሳለ ለምን ደስታ እንደራቃት እያለቀሰች ትጠይቅ ነበር። በዚያው ዓመት በኅዳር የብዙ ሚሊዮን ተከታዮች ባለቤት የሆነችው ሊሊ ሲንግ እንዲሁ ደክሞኛል ብላ ለጊዜው ተሰናበተች። ሚልስ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጭራሹኑ ከዩቲዩብ ወጥታ ፊቷን ወደ ፊልም ሥራ አዞረች።

የዓለም ጤና ድርጅት እንዲህ ያለውን መዛል በ2019 ሲበይን ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት እንጂ በሽታ ነው አላለም። ሦስት ምልክቶችን ጠቅሷል፦ አቅም መሟጠጥ፣ ሥራውን በሩቁ ማየት ወይም መጥላት፣ እንዲሁም ውጤታማነት የቀነሰ መስሎ መሰማት። ሁለተኛው ቪዲዮ ሠሪዎች ዘንድም ይታያል። «ዛሬ ምን ልሥራ?» የሚለው ጥያቄ ያስደስት የነበረ ሰው ስልኩን ባየ ቁጥር መበሳጨት ይጀምራል፤ የተመልካችን አስተያየት ማንበብ ያስጠላዋል።

ነገሩን ከአንዲት ሠራተኛ ጓዳ ገብቶ ማየት ይሻላል። የአማርኛ የምግብ ዝግጅት ቻናል ያላት፣ ቀን ቢሮ የምትውል፣ ካሜራውንም ኤዲቱንም ብቻዋን የምትይዝ ሴት እናስብ። አሥር ደቂቃ የሚሆን አንድ ቪዲዮ ለገበያ ሁለት ሰዓት ይወስድባታል። ወጥ ቤቱን ለካሜራ ማመቻቸትና መልሶ ማጽዳት ሌላ ሁለት፣ ቀረጻው አራት፣ ኤዲቱ ስድስት፣ ታምኔልና ርዕስ ማውጣት አንድ ሰዓት። በድምሩ አሥራ አምስት ሰዓት ነው። በየሳምንቱ አንድ እለቃለሁ ብላ ከተነሳች ይህን ሁሉ ከቢሮ በኋላና በእረፍት ቀኖቿ ማግኘት አለባት። ሲመቻት ታገኘዋለች። ልጅ ሲታመም፣ መብራት ሲጠፋ፣ ለቅሶ ሲመጣ ግን ያላት ስድስት ሰዓት ብቻ ይሆናል። ያኔ ቪዲዮው በሌሊት ይሠራል ወይም ይቀራል፤ ከሥሩም «ጠፋሽ እኮ!» የሚል አስተያየት ይዘንባል።

ለዚህ ችግር ቴሌቪዥን ቀድሞ መላ አግኝቶለታል። «ጂኦፓርዲ» የተባለው የአሜሪካ የጥያቄና መልስ ፕሮግራም በአንድ የቀረጻ ቀን አምስት ክፍል ይቀዳል፤ የአንድ ሳምንት ሙሉ ስርጭት ማለት ነው። ተወዳዳሪዎች ቅያሪ ልብስ ይዘው እንዲመጡ የሚነገራቸውም ለዚህ ነው፤ ያሸነፈ ሰው ልብሱን ቀይሮ «በማግስቱ» ይመለሳል። ስቱዲዮው አንዴ ከበራ፣ ካሜራውም አንዴ ከተስተካከለ ሁለተኛውን ክፍል ለመቅዳት የሚጨመረው ወጪ ጥቂት ነው።

የምግብ ቻናሏ ባለቤት ይህንኑ በትንሹ ልታደርገው ትችላለች። ዓርብ ማታ የሦስት ምግብ ሸቀጥ በአንድ ዙር ትገዛለች። ቅዳሜ ጠዋት ካሜራውንና መብራቱን ተክላ የትራይፖዱ እግሮች ያረፉበትን ቦታ ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት ታደርጋለች፤ የሆነ ሰው ቢያንቀሳቅሰው በደቂቃ ይመለሳል። መጀመሪያ የሚቀረጸው ብዙ ንግግር ያለበት ነው፤ ድምፅም ፊትም ገና ትኩስ ነውና። የዶሮ ወጡ ቁሌት በዝግታ ሲበስል በሌላኛው ምድጃ ሁለተኛው ምግብ ይጀመራል። በየቪዲዮው ሻርፕ ወይም ሹራብ መቀየር፣ ከእያንዳንዱ ቀረጻ በፊትም ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ለካሜራው ማሳየት ያስፈልጋል። ወረቀቱ ቀልድ የሚመስላቸው ሰዎች ከሁለት ሳምንት በኋላ ለኤዲት ሲቀመጡ ይገባቸዋል፤ የሦስት ወጥ ሽንኩርት በስክሪን ላይ አንድ ዓይነት ነው።

ሂሳቡ እንዲህ ይሆናል። ለሦስቱ ቪዲዮ ገበያው ሦስት ሰዓት፣ ማመቻቸቱ ሁለት፣ በሁለት ቀን የተከፈለው ቀረጻ ዘጠኝ፣ ኤዲቱ አሥራ ስምንት፣ ታምኔሉ ሦስት፤ በጠቅላላው ሠላሳ አምስት ሰዓት። አንድ በአንድ ቢሠሩ አርባ አምስት ይሆኑ ነበር። አሥር ሰዓት ተረፈ፤ ጥሩ ነው፣ ግን ተአምር አይደለም። ኤዲት እንደሆነ በጅምላ ስለተቀረጸ አያጥርም። ትልቁ ትርፍ ሌላ ነው፦ አንዱ ቪዲዮ ሲለቀቅ ሁለቱ በስንቅነት ይቀመጣሉ፤ የሚቀጥለው ሳምንት ክፉ ቢሆን ተመልካች አያውቅም።

በጅምላ መቅረጽ የራሱ አደጋ አለው። ማይኩ በትክክል ካልተሰካ የሚበላሸው አንድ ቪዲዮ ሳይሆን ሦስት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደቂቃዎች ቀርጾ፣ በጆሮ ማዳመጫ ሰምቶ፣ ከዚያ መቀጠል ነው። ስልክ በተለመደው የ1080 ጥራት ሲቀርጽ ለአንድ ደቂቃ እስከ 130 ሜጋባይት ሊወስድ ይችላል፤ የሁለት ሰዓት ቀረጻ ወደ 16 ጊጋባይት ይጠጋል። ቦታው አስቀድሞ ካልተለቀቀ በእንጀራው መሃል «ሞልቷል» ይላል። ሦስተኛው አደጋ የሠሪዋ ድካም ነው። በአራተኛው ቪዲዮ ላይ ሰላምታዋ ሲቀዘቅዝ ተመልካች ወዲያው ያውቃል። የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ቀረጻ መክፈቻ አከታትሎ ማየት በቂ መፈተኛ ነው፤ ልዩነቱ ጎልቶ ከተሰማ የሚቀጥለው ዙር በአንድ ቪዲዮ መቀነስ አለበት። «ባለፈው ሳምንት እንዳልኳችሁ» እና «ዛሬ ብርዱ» የሚሉ ቃላትም መቅረት አለባቸው፤ ቪዲዮው መቼ እንደሚለቀቅ ገና አይታወቅምና።

ለአማርኛ የምግብ ቻናል ደግሞ የቀን መቁጠሪያው ራሱ በጅምላ መቅረጽን ግድ ይላል። ተመልካች የፋሲካ ዶሮ ወጥ አሠራር የሚፈልገው በሆሳዕና ሰሞን ነው፤ ጿሚዋ ባለሙያ ግን በዚያ ሳምንት ጨውና ቅመሙን መቅመስ አትችልም። የተሠራውንም የሚበላ ሰው በቤቱ የለም። ስለዚህ ዶሮ ወጡ፣ ምንቸት አብሹና አይቡ ሁዳዴ ከመግባቱ በፊት፣ በቅበላ ሰሞን ተቀርጸው ሃምሳ አምስቱን ቀን መጠበቅ አለባቸው። የሽሮው፣ የምስር ወጡና የስልጆው ቀረጻ በጾሙ ውስጥ ይቀጥላል። የፋሲካው አስቀድሞ ካለቀ ሰሙነ ሕማማት ካሜራ የማይነካበት ሳምንት ሊሆን ይችላል። ቪዲዮዎቹ በዩቲዩብ ስቱዲዮ ቀንና ሰዓት ተሞልቶላቸው በራሳቸው ይወጣሉ።

በየስንት ጊዜው ይለቀቅ የሚለው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ የሚመለሰው በጥሩ ሳምንት ጉልበት ነው፤ ስህተቱም እዚያ ይጀምራል። ያችው ሴት በስምንት ሳምንት ውስጥ አምስት ጥሩ ሳምንት በአሥራ አምስት አሥራ አምስት ሰዓት፣ ሦስት ክፉ ሳምንት ደግሞ በስድስት ስድስት ሰዓት አገኘች እንበል። በድምሩ ዘጠና ሦስት ሰዓት ነው። በጅምላ ስትሠራ አንድ ቪዲዮ ወደ አሥራ ሁለት ሰዓት ስለሚፈጅባት ሰባት ቪዲዮ ይወጣታል። በየሳምንቱ ቃል ከገባች አንድ ይጎድላታል፣ ስንቅም የላትም። በየሁለት ሳምንቱ ብትል ግን በክፉ ሳምንቷ መጠን ቃል ገባች ማለት ነው፤ አራቱን ለቅቃ ሦስት ይተርፋታል። ስንቁ አራት አምስት ሲሞላ፣ ለበዓል ሰሞን በየሳምንቱ መልቀቅ ትችላለች። ከዝግታ ወደ ፍጥነት መሄድ ተመልካችን ያስደስታል፤ ከፍጥነት ወደ ዝግታ መውረድ ግን «ምን ሆነሽ ነው?» ያስብላል።

ዘላቂ ምት ያለው ሰው ሁሉ አይደክምም ማለት አይደለም። እንግሊዛዊው ቶም ስኮት በየሳምንቱ ቢያንስ አንድ ቪዲዮ ለአሥር ዓመት ከለቀቀ በኋላ እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2024 ሳምንታዊውን ሥራ አቆመ። እንደሚያቆም አስቀድሞ ተናግሮ፣ ቀኑን ቆርጦ ነበር። ኬሲ ናይስታት በበኩሉ በ2015 የጀመረውን የየዕለት ቪዲዮ ያቆመው በቀጣዩ ዓመት መጨረሻ ነው። በሳምንት አንድ መሥራትና በቀን አንድ መሥራት ሩቅ ለሩቅ ናቸው።

እረፍት መውሰድ ቻናሉን ይገድላል የሚለው ፍርሃት ግን እውነት አለው? ዩቲዩብ ራሱ አስጠንቶት ነበር። በ2019 መጨረሻ በወቅቱ ዋና ሥራ አስፈጻሚ የነበሩት ሱዛን ወጅሲኪ ለቪዲዮ ሠሪዎች በጻፉት ደብዳቤ፣ ኩባንያው የስድስት ዓመት መረጃ ከሚሊዮኖች ቻናሎች ላይ መመልከቱንና እረፍት የወሰዱት ሲመለሱ በአማካይ ከመሄዳቸው በፊት የበለጠ ተመልካች ማግኘታቸውን ገልጸዋል። አማካይ መሆኑን ልብ ይሏል፤ የተቆጠሩትም የተመለሱት ናቸው። ሳይመለሱ የቀሩት በዚህ ሂሳብ ውስጥ የሉም። ሆኖም አንድ ወር ጠፍቶ መምጣት የሚያስፈራውን ያህል እንዳልሆነ ያሳያል።

ድንበሩን ማወቅ ግን ይገባል። በማስታወቂያ ገቢ የሚያገኝ ቻናል ለስድስት ወር ያህል ቪዲዮም ሆነ የማኅበረሰብ ጽሑፍ ካልለጠፈ ዩቲዩብ ገቢውን ሊዘጋው ይችላል። ለሁለት ወይም ለሦስት ሳምንት እረፍት ይህ አያሳስብም። የሚያሳስበው እረፍት የሚመስል እረፍት ነው፦ ቪዲዮዎቹ በስንቅ እየወጡ ሠሪዋ ግን በየሰዓቱ አስተያየት ስትመልስና ቪው ስትቆጥር ትውላለች። በዚያ ሳምንት አስተያየቶቹ ሳይታዩ እንዳይወጡ የሚያደርገውን ምርጫ አብርታ፣ የስቱዲዮውን መተግበሪያ ከስልኳ ማውረዷ የግድ ነው። ስንት ሰው አይቶታል የሚለው ከተመለሰች በኋላም እዚያው ይጠብቃታል።

ጊዜውን መምረጥም ገንዘብ አለው። አስተዋዋቂዎች በጀታቸውን በፈረንጆች ገና ሰሞን አፍስሰው ጥር ሲገባ ስለሚቆጥቡ፣ በተለይ አሜሪካና አውሮፓ ተመልካች ላለው ቻናል የአንድ ሺህ እይታ ዋጋ በዚያ ወር ይወርዳል። ፒውዲፓይም የታወቀውን እረፍቱን ቀድሞ አሳውቆ የወሰደው በ2020 መጀመሪያ፣ በዚሁ ወቅት ነው። ለአማርኛ ቻናል ይህ የሚውለው ገናና ጥምቀት ካለፉ በኋላ ነው። የበዓሉ ቪዲዮ ወጥቷል፤ ሁዳዴ እስኪገባ ጥቂት ሳምንታት አሉ። ሁለቱን ሳምንት ማረፍ፣ የቀሩትን ደግሞ ለቅበላው ቀረጻ ገበያ ማዋል ይቻላል።