ነፍሰ ጡርን ራሷን ሲያማት

በመጀመሪያዎቹ ወራት ነፍሰ ጡርን ራሷን የሚያማት ብዙ ጊዜ በቀላል ምክንያት ነው። በሰውነቷ የሚዘዋወረው ደም ይጨምራል፣ ሆርሞኑ ይለዋወጣል፣ ማስታወኩ ውሃዋን ይጨርሰዋል፣ ምግብ ያስጠላታል። ቡናም አለበት። ከአቦል እስከ በረካ መጠጣት ለምዳ የኖረች ሴት ሽታው አስጠልቷት ድንገት ስታቆም በማግስቱ ራሷን ፍልጥ ያደርጋታል፤ ጥቂት ቀናት አሠቃይቶም ይተዋታል። ስለዚህ ቀስ በቀስ መቀነስ ይሻላል። በእርግዝና ጊዜ በቀን ከ200 ሚሊ ግራም በላይ ካፌይን አይመከርም፤ እንደ ቡናው ውፍረት ቢለያይም ከአንድ ሁለት ሲኒ ባታልፍ ጥሩ ነው።

እንዲህ ያለውን ራስ ምታት ውሃ መጠጣት፣ ትንሽ ትንሽ ቶሎ ቶሎ መብላትና ጨለም ባለ ክፍል ጋደም ማለት ብዙ ጊዜ ያስታግሰዋል። ካልተሻላት መጀመሪያ የሚመረጠው ፓራሲታሞል ነው፦ ባለ 500 ሚሊ ግራሙን አንድ ወይም ሁለት ፍሬ፣ ካስፈለገም ከ6 ሰዓት በኋላ እንደገና፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ግን ከ8 ፍሬ ሳያልፍ። ጉበቷን የሚያማት ወይም ክብደቷ ከ50 ኪሎ በታች የሆነች መጠኑን ባለሙያ ይንገራት። ብዙ የጉንፋን መድኃኒቶችም ፓራሲታሞል ስላለባቸው አብሮ መዋጥ መጠኑን ሳይታወቅ ያሳልፈዋል።

የሚያሳስበኝ ጎረቤት ለወገቧ የታዘዘላት ዳይክሎፌናክ ነው፤ «እኔን ፍቱን ሆኖልኛል» ተብሎ ይሰጣል። ዳይክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን በተለይ ከ20ኛው ሳምንት ወዲህ የፅንሱን ኩላሊት ሊጎዱና የሽርት ውሃውን ሊያሳንሱ ይችላሉ፤ ወደ መጨረሻዎቹ ወራት ደግሞ ከልቡ አጠገብ ያለ፣ ሳይወለድ መዘጋት የሌለበትን የደም ሥር ሊዘጉ ይችላሉ። ለራስ ምታት አስፕሪን መዋጥም አይመከርም። ሐኪም ደም ግፊትን ለመከላከል በትንሽ መጠን አስፕሪን ያዘዘላት ግን ይህን አንብባ እንዳታቋርጥ። ጤና አዳምም ማህፀንን ስለሚያነሳሳ እንደ መድኃኒት አፍልቶ መጠጣቱ ይቅር።

ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ነገሩ ይለወጣል። አንዲት የ33 ሳምንት ነፍሰ ጡር እናስብ። እሑድ ማታ ራሷን ያዛት፤ ሁለት ፓራሲታሞል ውጣ ተኛች፤ ሌሊቱን አልለቀቃት አለ። ጠዋት ዓይኗ ላይ ብልጭ ብልጭ ይላል፣ ፊቷ አብጧል፣ ቀለበቷም አልወጣ ብሏታል። ቤተሰቡ ምች ነው ብሎ ዳማከሴ ሊጨምቅ ይነሳል። እንዲህ ያለች ሴት ዳማከሴው እስኪያሽላት ቁጭ ብላ መጠበቅ የለባትም።

ጤና ጣቢያ ደርሳ ስትለካ የደም ግፊቷ 150/100 ሆነ። ካርዷ ላይ በአራተኛ ወሯ 100/60 ነበር። ሽንቷ ሲመረመር ፕሮቲን ተገኘበት። ይህ ፕሪኢክላምፕሲያ ነው፤ ከእንግዴ ልጁ የሚነሳ፣ የእናቲቱን የደም ሥሮች የሚያጠቃ ሕመም። ለወትሮው በ4 ሰዓት ልዩነት ሁለት ጊዜ ተለክቶ 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን ነው ግፊት አለባት የሚባለው። ይህችን ሴት ግን አዋላጇ አራት ሰዓት አታስጠብቃትም። ቁጥሩ ከባድ ከሚባለው 160/110 ባይደርስም፣ ፓራሲታሞል ያልመለሰው ራስ ምታትና የዓይኑ ብልጭታ ብቻቸውን ሕመሙን ከከባዱ ወገን ያስመድቡታል። ከዚህ የሚፈራው ማንዘፍዘፍ፣ ማለትም ኢክላምፕሲያ ነው። ይህን የሚከላከለው ማግኒዚየም ሰልፌት በመርፌ ተሰጥቷት፣ ግፊቷም ክትትል እየተደረገበት ወደ ሆስፒታል ትላካለች። እዚያ ጉበቷና ኩላሊቷ ይመረመራሉ፤ ለልጁ ሳንባ የሚረዳ መርፌም ሊሰጣት ይችላል። ሕመሙን ከሥሩ የሚያነሳው መውለድ ስለሆነ፣ መቼ ትውለድ የሚለውን ሐኪሞቹ የእሷንና የልጁን ሁኔታ አመዛዝነው ይወስናሉ።

ራስ ምታቱ በፓራሲታሞል ቢሻላትስ? መሻሉ ብቻውን ግፊት የለባትም አያሰኝም። ከአምስተኛ ወር ወዲህ አዲስ ራስ ምታት የጀመራት ሴት ግፊቷን በዚያው ቀን ትለካ። ከራስ ምታቱ ጋር ብዥታ፣ ከቀኝ የጎድን አጥንቷ ሥር ወይም ከጨጓራዋ አካባቢ ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ድንገተኛ የፊትና የእጅ እብጠት ከመጣ ደግሞ ሌሊትም ቢሆን ትሂድ። ድንገት እንደ መብረቅ የመታት ራስ ምታት ወይም ግራ መጋባትና የአንድ ጎን መስነፍ ግፊቷ ደህና ቢሆንም አጣዳፊ ነው።

አለካኩም ትኩረት ይፈልጋል። ቀጥ ያለ ዳገት ወጥታ እንደገባች ወይም በሹራብ ላይ ታስሮ የተለካ ቁጥር ያሳስታል። ሽንቷን ሸንታ፣ አምስት ደቂቃ አርፋ፣ ጀርባዋን ደገፍ አድርጋ፣ እግሮቿን ሳታጣምር መሬት አስረግጣ፣ ክንዷን በልቧ ትክክል አሳርፋ፣ ሳታወራ ትለካ። ክንዷ ወፈር ያለ ከሆነ ሰፊ መጠቅለያ ያስፈልጋታል፤ ጠባቡ ግፊቱን ከፍ አድርጎ ያሳያል።

ልጁ ሲወለድም ስጋቱ ወዲያው አያበቃም። ፕሪኢክላምፕሲያ ከወሊድ በኋላም ይጀምራል፣ በእርግዝና ግፊቷ ደህና የነበረችውን ጭምር ይይዛል። ስለዚህ አራሷ እስከ 6 ሳምንት ድረስ የሚከብድ ራስ ምታት ቢይዛት፣ ብርድ ነው ተብሎ ሻሽ ከመጠበቁ በፊት ግፊቷ ይለካ፤ ለሚያያት ባለሙያም መቼ እንደወለደች ይነገረው።