ያውቁ ኖሯል? አንድ ጠብ፣ ሁለት አገር

ሻጩ ደሴ ላይ ከሶ፣ ነገሩ አላምርህ ሲለው ያንኑ ክስ በዚያው ገዢ ላይ ኮምቦልቻ ቢከፍት ሁለተኛው መዝገብ እንደማይራመድ ያውቁ ኖሯል? የ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 8 ለቀደመው ፍርድ ቤት ያደላል። ገዢው ግን ዝም ካለ የኮምቦልቻው ዳኛ የደሴውን መዝገብ ከየት ያውቃል? የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ ማቅረብ የገዢው ፋንታ ነው።

ቀዳሚው ክስ ያለው ደሴ ሳይሆን ዱባይ ቢሆንስ? ነገሩ ይገለበጣል። ያው አንቀጽ 8 በውጭ አገር የተጀመረ ክስ የኢትዮጵያን ፍርድ ቤት እንደማያግድ ይናገራል። ስለዚህ ማሽን ያስመጣ የኮምቦልቻ ነጋዴ ዱባይ ተከሶ ሳለ፣ ሥልጣን ያለው ፍርድ ቤት እስካገኘ ድረስ፣ እዚህም መክሰስ ይችላል። በሁለት አገር ጠበቃ መቅጠር ግን ቀልድ አይደለም።

ዱባይ ቀድሞ ቢፈርድበት ፍርዱ በቀጥታ መጋዘኑን አያሳሽግም። ባለፍርዱ እዚህ የአፈጻጸም አቤቱታ ያቀርባል፤ በአንቀጽ 458 መሠረትም ያ አገር የኢትዮጵያን ፍርድ እንደሚያስፈጽም፣ ፍርዱ የመጨረሻ እንደሆነና ተከሳሹ የመከላከል ዕድል እንደተሰጠው ይታያል። ልብ ይበሉ፦ ሕጉ የሚለው «ዕድል» ነው። መጥሪያው በወጉ ደርሶት መሳቢያ ውስጥ የከተተ ሰው ኋላ «አልሰማሁም» ቢል የሚያዋጣው አይመስለኝም።

አንዳንድ አገር ዳኛው ሥልጣን እያለውም «ይህ ጉዳይ ሌላ አገር ቢታይ ይሻላል» ብሎ መዝገቡን መዝጋት እንደሚችል ያውቁ ኖሯል? የእኛው ሕግ እንዲህ ያለ አንቀጽ የለውም። የአሜሪካ ዳኛ ግን መጀመሪያ በዚያኛው አገር በእርግጥ የሚዳኝ ችሎት መኖሩን ያያል፤ ከዚያ ምስክሩና ማስረጃው የት እንዳለ ይመዝናል። በ1976 እ.ኤ.አ. ስኮትላንድ ውስጥ በወደቀች ትንሽ አውሮፕላን ጉዳይ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1981 ክሱ እዚያው ስኮትላንድ እንዲታይ መንገዱን ከፍቷል። የስኮትላንድ ሕግ ለከሳሾች የማይመች መሆኑ ብቻውን ክሱን አሜሪካ አላቆየውም።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አቅራቢያ የወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ET302 157 ሰዎችን ገደለ። ቤተሰቦቹ አምራቹን ቦይንግን ቺካጎ ላይ ከሰሱ። አደጋው የደረሰው፣ ብዙዎቹ ሟቾችም የኖሩት ከአሜሪካ ውጭ ስለነበር «ወደየአገራችሁ ሂዱ» የሚለው መቃወሚያ የሚፈራ ነበር። በኅዳር 2014 ዓ.ም. በተደረገው ስምምነት ቦይንግ ኃላፊነቱን ተቀበለ፤ ከአሜሪካ ውጭ ያሉ ቤተሰቦችም ካሣቸውን እዚያው ቺካጎ እንዲጠይቁ መንገዱ ተከፈተ። በምትኩ ከሳሾቹ የቅጣት ካሣ ጥያቄያቸውን ተዉ። የሚካሰሱበትን ቦታ ማስከበር ያን ያህል ያወጣል።