አራት እጥፍ ሽያጭ፣ ባዶ ካዝና

በፌስቡክና በኢንስታግራም የሚያስተዋውቅ ነጋዴ ጠዋት ስልኩን ከፍቶ መጀመሪያ የሚፈልገው አንድ ቁጥር አለ፤ ሮአስ ይሉታል። በማስታወቂያው መጣ የተባለው ሽያጭ ለማስታወቂያ በወጣው ገንዘብ ሲካፈል የሚገኝ ነው። 3,000 ዶላር አውጥቶ 12,000 ዶላር የሸጠ ሰው ሮአሱ 4 ይሆናል። “አንዷ ዶላር አራት ሆና ተመለሰች” ይባልና ደስታ ይሆናል። የተመለሰው ግን ሽያጭ ነው፤ ትርፍ አይደለም። ማስታወቂያውን የሚያሠራጨው ኩባንያ ዕቃው በስንት እንደተገዛ፣ በስንት እንደተጓጓዘ፣ ስንቱ ተመልሶ እንደመጣ ካልነገሩት በቀር የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሆና የሐበሻ ቀሚስ በኢንተርኔት የምትሸጥ አንዲት ነጋዴ እናስብ። ቁጥሮቹን ለማሳያ ያስቀመጥኳቸው እኔ ነኝ፤ የወጪዎቹን ዓይነት ግን በዚህ ንግድ ያለ ሁሉ ያውቃቸዋል። ከፋሲካ በፊት ባለው ወር 3,000 ዶላር ለማስታወቂያ አወጣች። ስክሪኑ 100 ቀሚስ እያንዳንዱ በ120 ዶላር ተሸጧል ይላታል። ሮአስ 4።

አሁን ቀሚሱን ከሽሮ ሜዳ ጀምረን እንከተለው። ለሸማኔውና ለሰፊው 45 ዶላር ተከፍሏል። የአውሮፕላን ጭነቱ 9 ዶላር ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ ከአጎዋ ተጠቃሚነት ስለወጣች ቀረጥ አለ፤ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2025 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ ከ800 ዶላር በታች የሆነ ጥቅል ያለ ቀረጥ ማለፉ ቀርቷል። ለቀረጡ 6 ዶላር እንያዝ። ቀሚሱ ቤቷ ሲደርስ 60 ዶላር ፈጅቷል ማለት ነው። ለደንበኛዋ ለመላክ ፖስታውና ማሸጊያው 11 ዶላር ይሆናል። ካርዱን የሚያስተናግደው ድርጅት በተለመደው የአሜሪካ ዋጋ 2.9 በመቶና 30 ሳንቲም ሲወስድ 3 ዶላር ከ78 ሳንቲም ይመጣል። ከ120 ዶላሩ የተረፈው 45 ዶላር ከ22 ሳንቲም ነው። በ100 ቀሚስ 4,522 ዶላር። የማስታወቂያው 3,000 ሲቀነስ 1,522 ዶላር ይቀራል። እንደ ስክሪኑ ባያስፈነድቅም ትርፍ ነው።

ብዙ ነጋዴ ሒሳቡን እዚህ ላይ ይዘጋል። ልብስ ግን ይመለሳል። ሳይለካ የታዘዘ ቀሚስ ወገቡ ይጠባል፣ ቁመቱ ያጥራል፤ ለበዓል ታዝዞ ከበዓል በኋላ የደረሰውማ ማን ያስቀረዋል? ከ100ው 15ቱ ተመለሱ እንበል። የገዢዎቹ 1,800 ዶላር ይመለሳል። መልሶ ለማምጣት በነፍስ ወከፍ 9 ዶላር፣ በድምሩ 135 ዶላር ይወጣል። የመጀመሪያው የመላኪያ ገንዘብ ቀልጦ ቀርቷል፤ ካርድ አስተናጋጁም ብዙውን ጊዜ የወሰደውን አይመልስም። ከ15ቱ አሥሩ ዳግም ይሸጣሉ፤ አምስቱ ግን ሜካፕ ነክቷቸዋል ወይም ተቆርጠው ተሰፍተዋል፣ ለሌላ ሰው አይሆኑም። ሲደመር ሲቀነስ ማስታወቂያው ከመከፈሉ በፊት በእጇ የሚቀረው 3,187 ዶላር ነው። ከማስታወቂያው በኋላ 187 ዶላር። ለመጋዘን፣ ለድረ ገጹ ወርኃዊ ክፍያና ለፎቶ አንሺው 700 ዶላር ከከፈለች ወሩን በ513 ዶላር ኪሳራ ዘጋች።

ስክሪኑ ላይ ግን አሁንም 4 ተጽፏል። ሽያጩ የተመዘገበው ገዢዋ በከፈለችበት ቀን ነው፤ ቀሚሱ ከሦስት ሳምንት በኋላ ሲመለስ ሻጯ መረጃውን ራሷ ካልላከች በቀር ቁጥሩን የሚያርመው የለም። ስለዚህ ቁጥሩ የሚያምረው ልክ የበዓሉ ሰሞን፣ በጀት ለመጨመር እጅ በሚያሳክክበት ጊዜ ነው።

እንግዲህ ይህች ነጋዴ ማወቅ ያለባት የራሷን የመቻቻያ ሮአስ ነው፤ ማለትም ማስታወቂያው ሳያተርፍም ሳይከስርም ወጪውን የሚሸፍንበትን ቁጥር። የሚገኘው ሽያጩን ከማስታወቂያ በፊት በሚተርፈው ገንዘብ በማካፈል ነው። ተመላሹ ሳይቆጠር 12,000 ለ4,522 ሲካፈል 2.65 ይመጣል። ተመላሹ ሲቆጠር 12,000 ለ3,187 ሲካፈል 3.77 ይሆናል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ንግዱን ያቆማል ወይም ይጥላል። “ጥሩ ሮአስ ስንት ነው?” ብሎ ሌላ ሰው መጠየቅም ለዚህ ነው የማይጠቅመው። ከሽያጩ 70 በመቶ የሚተርፈው ሰው በ2 ይኖራል፤ 20 በመቶ የሚተርፈው በ4 ይከስራል።

ከሁሉ የከፋው ስህተት የሚመጣው ግን በጀት ሲጨመር ነው። ነጋዴዋ በ4 ተደስታ ማስታወቂያውን ከ3,000 ወደ 5,000 ዶላር አሳደገች እንበል። ሽያጩ 17,000 ደረሰ፣ ሮአሱ ወደ 3.4 ወረደ። “ትንሽ ነው የወረደው” ትላለች። ነገር ግን የተጨመረው 2,000 ዶላር ያመጣው 5,000 ዶላር ብቻ ነው፤ የእሱ ሮአስ 2.5 ነው። ከእያንዳንዱ የሽያጭ ዶላር የሚተርፋት ከ27 ሳንቲም ያነሰ ስለሆነ፣ ከ5,000ው የምታገኘው 1,330 ዶላር ገደማ ነው። ለዚህ 2,000 ከፍላለች። አማካዩ የመጀመሪያዎቹን ጥሩ ገዢዎች ከኋለኞቹ ጋር ስለሚደባልቅ 670 ዶላሩ የት እንደገባ አይታይም። ለመግዛት የተዘጋጁት ቀድመው ይገዛሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው እየተወደደ ነው።

ሌላም ጥርጣሬ አለ። የፌስቡክ የተለመደ አቆጣጠር ማስታወቂያውን ጠቅ አድርጎ በሰባት ቀን ውስጥ የገዛውን፣ አይቶ ብቻ አልፎ በአንድ ቀን ውስጥ የገዛውንም ለራሱ ይጽፋል። ባለፈው ዓመት ገዝታ ዘንድሮም ልትገዛ የነበረች ደንበኛ ማስታወቂያውን በአጋጣሚ ካየች እሷም ትቆጠራለች። ይህን የሚፈትኑበት ቀላል መንገድ ማስታወቂያውን በአንድ ከተማ ለሁለት ሦስት ሳምንት አጥፍቶ፣ እዚያ ያለውን አጠቃላይ ሽያጭ ካልጠፋበት ተመሳሳይ ከተማ ጋር ማስተያየት ነው። ሽያጩ ብዙም ካልወደቀ ስክሪኑ የሌላውን ሥራ ለራሱ ሲያስመዘግብ ነበር ማለት ነው።

በአንጻሩ ዝቅ ያለ ሮአስ ሁሉ ጥፋት አይደለም። ዛሬ የገዛችው ለጥምቀትም ለሠርግም ተመልሳ ያለ ማስታወቂያ የምትገዛ ከሆነ በመጀመሪያው ሽያጭ ላይ መክሰር ይቻላል። ይህ ግን በተስፋ ሳይሆን ካለፈው ዓመት የደንበኞች መዝገብ መረጋገጥ አለበት።

ስክሪኑን ራሱን ማረምም ይቻላል። ለማስታወቂያው ሥርዓት የሽያጩ ዋጋ ተብሎ የሚላከው 120 ዶላር በ45 ዶላሩ ትርፍ ሊተካ ይችላል። ያን ጊዜ ሥርዓቱ በቅናሽ የሚጎርፈውን ሽያጭ ትቶ ትርፍ ያለበትን ገዢ ይፈልጋል፤ ቁጥሩም ከ4 ወደ 1.5 ይወርዳል፣ ከ1 በታች ሲሆን ኪሳራ መሆኑ ወዲያው ይታያል። ተመላሹንና ቋሚ ወጪውን ግን ይህም አያይም፤ እነሱ በወር መጨረሻ በእጅ መቀነስ አለባቸው። ማስታወቂያዎን የሚያስተዳድርልዎ ሰው የሚከፈለው ከማስታወቂያው በጀት በመቶኛ ከሆነ፣ ይህን ሒሳብ ሊሠራልዎ የሚገፋፋው ምክንያት የለም። በጀት እንጨምር ባለዎ ቀን የመቻቻያ ቁጥርዎን ነግረውት የመጨረሻው ጭማሪ ብቻውን ስንት እንዳመጣ ይጠይቁት።