ዶሜይኑ በማን ኢሜይል ይከፈት?

አንዲት ዘመዴ ጎንደር ውስጥ ስምንት ክፍሎች ያሉት የእንግዳ ማረፊያ አላት። የመጀመሪያ ዌብሳይቷን የሠራላት ወጣት ጎበዝ ነበር፤ ዶሜይኑን፣ ማለትም የገጹን አድራሻ፣ የገዛው ግን በራሱ ኢሜይል በከፈተው አካውንት ነው። በኋላ ውጭ አገር ሄደ፤ ስልኩንም ቀየረ። ዶሜይን በጊዜ ገደብ የሚከራይ ነገር ስለሆነ የማደሻው ማስታወሻ ሲመጣ ያየው ሰው አልነበረም። ገጹ ጠፋ። እንግዶች የሚጽፉበት ኢሜይልም በዚያው ዶሜይን የተከፈተ ነበርና አብሮ ጠፋ። ሻጩን ድርጅት ብትጠይቅ አካውንቱ በስሟ ስላልሆነ ሊያነጋግራት አልቻለም።

ልጁ ክፋት አልነበረበትም። ዶሜይን ከውጭ ሲገዛ የሚከፈለው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ እሷ እንዲህ ያለ ካርድ የላትም፣ እሱ ነበረው። ስለዚህ ሁለተኛውን ገጽ ስታሠራ፣ ለዲዛይነሩ ፕሮፎርማ የምትጠይቅበትን ደብዳቤ አብረን ጻፍን።

«ጤና ይስጥልኝ። ለእንግዳ ማረፊያዬ ዌብሳይት ማሠራት ስለፈለግሁ ዋጋዎን በጽሑፍ ቢልኩልኝ። ገጾቹ አራት ናቸው፦ መግቢያ፣ ክፍሎችና ዋጋቸው፣ መገኛ ካርታ እና የቦታ መጠየቂያ ቅጽ። ሁሉም በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይሁኑ። ጽሑፉንና ፎቶውን እኔ አቀርባለሁ። በኢንተርኔት ገንዘብ መቀበያ ለጊዜው አያስፈልገኝም። ሁለት ዙር እርማት በዋጋው ውስጥ ይካተት፤ ከዚያ በላይ ለሚመጣው የሰዓት ሂሳብዎን ይግለጹልኝ። የዶሜይንና የሆስቲንግ ዓመታዊ ክፍያ ከሥራ ዋጋዎ ተለይቶ ይጻፍ።»

«አያስፈልገኝም» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር ብዙ ጭቅጭቅ ታስቀራለች። ያልተጻፈውን አሠሪው የተካተተ፣ ሠሪው ያልተካተተ አድርጎ ያስበዋልና።

ቀነ ገደቡን 30 ቀን አልን፤ ቆጠራው ግን ጽሑፉና ፎቶው ተሟልቶ ከተሰጠበት ቀን ይጀምራል። ሥራ የሚዘገየው ብዙ ጊዜ አሠሪው ፎቶ ሳያቀርብ ሲቀር ነው፤ ይህን ለዲዛይነሩ ማመን ተገቢ ነው። እሷም ንድፍ በደረሳት በሦስት ቀን ውስጥ አስተያየቷን ልትሰጥ ተስማማች።

ስለ አካውንት የጻፍነው ይህን ነው፦ «ክፍያውን በእርስዎ ካርድ ቢፈጽሙልኝ ሂሳቡን በብር እተካለሁ። አካውንቶቹ ግን ከመጀመሪያው በእኔ ኢሜይልና ስልክ ይከፈቱ፤ የዶሜይኑ ባለቤት ተብሎ የሚመዘገበውም የእኔ ስም ይሁን። ለሥራው የሚያስፈልግዎትን ፈቃድ ከእኔ አካውንት እሰጥዎታለሁ። ማደሻው ከመድረሱ ከአንድ ወር በፊት እንነጋገር።» ኢሜይሉ በዚያው ዶሜይን የተከፈተ እንዳይሆን ተጠንቅቀናል፤ ዶሜይኑ ቢቋረጥ መግቢያው አብሮ ይዘጋል።

ክፍያው 30 በመቶ ቅድሚያ፣ 40 በመቶ ንድፉ ሲጸድቅ፣ ቀሪው በርክክብ ጊዜ ሆነ። በርክክቡ ቀን ዘመዴ በራሷ ስልክ ወደ ዶሜይኑም ወደ ሆስቲንጉም ገባች፣ ፓስወርዶቹን ቀየረች፣ ፓስወርድ ቢጠፋ መልዕክት የሚላክበት ኢሜይልና ስልክ የራሷ መሆኑን አየች። Registrant በሚለው መስመር ላይ ስሟን ካነበበች በኋላ ቀሪውን 30 በመቶ አስተላለፈች።