ከአፕዴት በኋላ የሚቀረው የሌሊት ሥራ

«ስልኬን አፕዴት ካደረግሁት ወዲህ ይግላል፣ ይንቀራፈፋል፣ ባትሪውም እንደ ድሮው አይቆይም።» ይህን የሚል ሰው በጅቡቲ ካርቲየ 1 ውስጥ በሙቀቱ ወራት ማግኘት አይከብድም። መልሱም ዝግጁ ነው። አንዱ «ካምፓኒው አዲስ ስልክ እንድትገዛ ሆን ብሎ ነው ያደከመው» ይለዋል፤ ሌላው ቫይረስ ነው ይላል፤ ሦስተኛው ፎርማት አድርገው ብሎ ይመክረዋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ስልኩ አልታመመም። የሚግለው ሥራ ላይ ስለሆነ ነው። ሥራውም ከአፕዴቱ የተረፈ ነው፤ ስክሪኑ ላይ «አፕዴቱ ተጠናቋል» ተብሎ ከተጻፈም በኋላ ገና አላለቀም።

ይህ የቀረ ሥራ ምን እንደሆነ ለማየት ብዙዎቻችን ከምንይዘው አንድሮይድ እንነሳ። ኢሞን ወይም ቴሌግራምን ከፕሌይ ስቶር ስናወርድ የሚመጣው ፕሮግራም ለሁሉም ስልክ በአንድ ዓይነት የተጻፈ ነው። የስልኩ ፕሮሰሰር በቀጥታ የሚረዳው ቋንቋ ደግሞ ሌላ ነው። ስለዚህ ስልኩ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው አፑ እየሠራ ሳለ እያንዳንዱን ትእዛዝ እዚያው በዚያው እየተረጎመ መሄድ ነው። ሁለተኛው አስቀድሞ ተርጉሞ ውጤቱን ማስቀመጥ ነው፤ ባለሙያዎች ኮምፓይል ማድረግ የሚሉት ይህንን ነው። ልዩነቱ ፈረንሳይኛ የማይችል ሰው ሆስፒታል ሲሄድ እንደሚገጥመው ነው፦ አስተርጓሚ አጠገቡ ተቀምጦ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ቢነግረው ጉዳዩ ያልቃል፣ ግን ጊዜ ይወስዳል፤ ወረቀቱ አስቀድሞ ተተርጉሞ ቢሰጠው አንብቦ ይጨርሳል። ስልኩ በወራት አገልግሎት ውስጥ ባለቤቱ አዘውትሮ የሚነካቸውን የአፕ ክፍሎች እየለየ፣ እነዚያን ብቻ ኮምፓይል አድርጎ ያስቀምጣል። ስልክ «ለመደኝ» የምንለው ፍጥነት በከፊል ከዚህ የሚመጣ ነው።

ትልቅ አፕዴት ሲመጣ አፖቹ ሁሉ የሚደገፉበት የሲስተሙ መሠረት ይለወጣል። በአሮጌው መሠረት ላይ ተሠርቶ የተቀመጠው ኮድ ከአዲሱ ጋር አይገጥምም፤ ስልኩም አይጠቀምበትም። ስለዚህ በማግስቱ ጠዋት ኢሞ ሲከፈት ብዙው ነገር እንደገና በአስተርጓሚ ነው የሚሄደው። አንዱ አፕ ብቻ ቢሆን ባልታወቀ፤ ሁሉም በአንድ ቀን እንዲህ ሲሆኑ ግን ስልኩ በሙሉ የከበደ ይመስላል። ፕሮሰሰሩ ለዚያው ሥራ የበለጠ ስለሚደክም ሙቀቱም የባትሪው ፍጆታም አብረው ይጨምራሉ።

ድሮ ይህ ሥራ በግልጽ ይታይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው አንድሮይድ 5 እና በተከታዩ አንድሮይድ 6 የሚሠራ ስልክ የያዘ ሰው ያስታውሰዋል፤ አፕዴት ካለቀ በኋላ ስክሪኑ ላይ አፖቹ አንድ በአንድ እየተቆጠሩ፣ ከ80ው 12ኛው፣ ከ80ው 13ኛው እየተባለ፣ ስልኩ ሳይከፈት ረጅም ደቂቃዎች ያልፉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው አንድሮይድ 7 ያንን ጥበቃ አስቀረ፤ ስልኩ ቶሎ ይከፈትና ኮምፓይል ማድረጉ በኋላ፣ ባለቤቱ ሳያየው ይከናወናል። ለተጠቃሚው ትልቅ ግልግል ነበር። ይሁን እንጂ ሥራው አልቀነሰም፤ የተለወጠው ሰዓቱ ነው፣ ወደ ሌሊት ተዛወረ።

የሌሊቱ ሥራ ደግሞ ቅድመ ሁኔታ አለው። ስልኩ ቻርጅ ላይ መሆን አለበት። ስክሪኑ ጠፍቶ፣ ማንም ሳይነካው፣ ግማሽ ሰዓት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ መቆየት አለበት። ስልኩ ራሱ መጠነኛ ሙቀት ላይ ከደረሰም ሥራው ይቋረጥና ሌላ ጊዜ ይጠበቃል። ይህን ያቀዱ መሐንዲሶች በአእምሯቸው የያዙት ሰው ማታ ስልኩን ሰክቶ ኮሞዲኖ ላይ አስቀምጦ፣ በቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ እስኪነጋ የሚተኛ ነው። የካርቲየ 1 የሐምሌ ሌሊት ግን እንዲህ አይደለም። በጅቡቲ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ቀኑ 40 ዲግሪን ያልፋል፣ ሌሊቱም ብዙ ጊዜ ከ30 ዲግሪ አይወርድም። ክሊማቲዘር የሌለው፣ ሦስት አራት ሰው የሚያድርበት ቤት ውስጥ ደግሞ ከዚያም ይብሳል።

አንዲት ምግብ ቤት የምትሠራ ሴት እንውሰድ፤ ስልኳ 80 አፕ አለው እንበል። ለአንዱ አፕ በአማካይ 30 ሴኮንድ ቢፈጅ ጠቅላላው ኮምፓይል 40 ደቂቃ ነው። በአንድ ሌሊት በቀላሉ የሚያልቅ ሥራ ነው። እሷ ግን ከሥራ የምትገባው ከምሽቱ 5 ሰዓት ነው። ስልኩን ሰክታ፣ እንደተሰካ፣ አገር ቤት ካሉት ጋር በኢሞ በቪዲዮ ታወራለች። ቻርጁ ያሞቀዋል፣ ካሜራውና ኔትወርኩ ይጨምሩበታል፣ ክፍሉ ራሱ 33 ዲግሪ ነው። ስታበቃ ትራሷ ሥር ትከተዋለች። ግማሽ ሰዓቱ አልፎ ሥራው ሲጀምር ስልኩ አሁንም ትኩስ ነው፤ ጥቂት አፖች ላይ ሠርቶ ያቆማል። በማግስቱ ሌሊት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ መብራት ይጠፋል፤ ቻርጁም ቬንትሌተሩም አብረው ይቆማሉ። በሦስተኛው ሌሊት ሶኬቱን ሌላ ሰው ይዞታል፤ እሷም ስልኳን 40 በመቶ ላይ እንዳለ ይዛው ትተኛለች። የ40 ደቂቃው ሥራ በአራተኛው ቀንም አላለቀም። ሴትዮዋ የምታየው ግን አራት ቀን ሙሉ የሚግልና የሚጎተት ስልክ ብቻ ነው። «አፕዴቱ አበላሸብኝ» ብትል አይፈረድባትም።

ሙቀቱ ራሱ ደግሞ ነገሩን ያራዝመዋል። ስልክ እንደ ኮምፒውተር ማራገቢያ የለውም፤ ሙቀቱን የሚያወጣው በጀርባውና በስክሪኑ በኩል ወደ አየር ነው። አየሩ ከስልኩ ብዙ የማይቀዘቅዝ ከሆነ ሙቀቱ የሚሄድበት የለውም። ያኔ ስልኩ ራሱን ለማዳን የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ይቀንሳል፤ ቻርጅ ማድረጉንም ያዘገየዋል ወይም ያቆመዋል። ፍጥነቱ ሲቀንስ አፑ ይጎተታል፣ የተረፈውም ሥራ ይረዝማል። አምራቹ አፕል ለአይፎን የሚመክረው የአካባቢ ሙቀት ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ነው፤ በጅቡቲ የሙቀት ወራት ቀን ላይ ጥላ ሥር እንኳ ከዚያ ወሰን ውጪ ነን። ይህን ማወቅ ጠቃሚ ነው፤ አዲስ አበባ ያለች እህት ያው ስልክ፣ ያው አፕዴት ይዛ «የእኔ በማግስቱ ደህና ሆነ» ብትል ውሸቷን አይደለም።

አይፎን ላይ የሚቀረው ሥራ ዓይነቱ ይለያል። እዚያ ትልቁ ድርሻ መፈተሽና መመዝገብ ነው፦ ፋይሎችና መልእክቶች በፍለጋ እንዲገኙ ማውጫቸው ይሠራል፤ ፎቶዎች አንድ በአንድ ታይተው ፊቱ የማን እንደሆነ፣ በላያቸው የተጻፈው ምን እንደሆነ ይለያል። ፎቶዎቹ የሚታዩት ስልኩ ተቆልፎ ቻርጅ ላይ ሲሆን ነው፤ ስለዚህ አሥር ሺህ ፎቶ ያለው ሰው ከአንድ ሺህ ፎቶ ባለቤት ይልቅ ብዙ ሌሊት ያስፈልገዋል። አፕል ራሱ ከትልቅ አፕዴት በኋላ ባትሪና ሙቀት ለጊዜው እንደሚነካ በይፋ ይናገራል። አዲሱ የአይፎን ሲስተም የሚወጣው በሴፕቴምበር ወር መሆኑም ለእኛ አይመችም፤ በዚያ ወር የጅቡቲ ሙቀት ገና አልበረደም።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ምክር አጭር ነው፦ ለስልኩ አንድ ያልተቋረጠ፣ በተቻለ መጠን የቀዘቀዘ ሌሊት ስጡት። ከመተኛት በፊት ወሬው ይለቅና ስልኩ ይሰካ፤ ከቨሩ ይውለቅ፤ ከፍራሽና ከትራስ ርቆ ባዶ ሴራሚክ ወለል ላይ፣ የቬንትሌተሩ ንፋስ በሚያገኘው ቦታ ይቀመጥ። ፍሪጅ ውስጥ ማስገባት አይገባም፤ እርጥበት ከውስጡ ይቋጠራል። ስቶሬጁ ጢም ብሎ ከሞላ አስቀድሞ ቦታ ማስለቀቅ ያስፈልጋል፤ የኮምፓይሉ ውጤት የሚቀመጥበት ቦታ ካጣ አንድሮይድ ሥራውን ይቀንሰዋል። የማልስማማበት ምክር «ፎርማት አድርገው» የሚለው ነው። ፎርማት የተደረገ ስልክ አፖቹን ሁሉ እንደ አዲስ ያወርዳል፣ ፎቶውን እንደ አዲስ ይመዘግባል፣ የለመዳቸውን የአፕ ክፍሎች ይረሳል፤ ሊያልቅ ሁለት ሌሊት የቀረው ሥራ ከዜሮ ይጀምራል። ባክአፕ ያላደረገም ፎቶውን ያጣል።

ኮምፒውተር ያለው ጥገና ባለሙያ ግምት ውስጥ ሳይገባ ሊያጣራ ይችላል። በስልኩ ላይ የዩኤስቢ ዲበጊንግ ከፍቶ እነዚህን ሁለት ትእዛዞች መስጠት ነው፦

```
adb shell dumpsys package dexopt
adb shell cmd package bg-dexopt-job
```

የመጀመሪያው እያንዳንዱ አፕ ያለበትን ሁኔታ ያሳያል። ከአፑ ስም ሥር `speed-profile` የሚል ከተጻፈ አዘውትረው የሚነኩት ክፍሎቹ ኮምፓይል ተደርገዋል፤ `verify` ወይም `run-from-apk` የሚሉ በዝተው ከታዩ ገና ብዙ ይቀራል። ሁለተኛው ሌሊት ይጠበቅ የነበረውን ያንኑ ሥራ አሁኑኑ ያስጀምረዋል። ስልኩ ተሰክቶ ቬንትሌተር ፊት ይቀመጥ፤ እስኪጨርስም አይነካ። ፎቶ መመዝገቡን ግን ይህ አያፈጥነውም።

እውነተኛ ብልሽት የሚለየው በጊዜው ነው። የቀረው ሥራ የሚያመጣው ሙቀት ቀን በቀን እየቀነሰ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2023 አይፎን 15 ፕሮ ሲወጣ ብዙ ሰው ስልኩ ከመጠን በላይ እንደሚሞቅ ተናገረ፤ አፕልም ከመጀመሪያ ቀናት የጀርባ ሥራ በተጨማሪ በሲስተሙ ውስጥ ስህተት እንዳለ አምኖ በኦክቶበር 4 በ17.0.3 አፕዴት አስተካከለው። በዚያው ጊዜ እንደ ኢንስታግራም ያሉ አፖችም ስልኩን ከሚገባው በላይ ያሠሩት እንደነበር ተጠቅሷል። ስለዚህ ስልኩ አራት አምስት ጥሩ ሌሊት አግኝቶ፣ ሳይነካም ኪስ ውስጥ የሚግል ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ የባትሪውን ፍጆታ ማየት ነው። አንድ አፕ ብቻ ከሌሎቹ ርቆ አናት ላይ ከተቀመጠ እሱን አፕዴት ማድረግ፣ ካልሆነም ማጥፋት። ማንም ጎልቶ ካልታየና ባትሪው ሦስት አራት ዓመት ያገለገለ ከሆነ ጉዳዩ የባትሪው እርጅና ሊሆን ይችላል፤ አፕዴቱ ያበዛው ሥራ አጋለጠው እንጂ አላመጣውም። የስልኩ ጀርባ ወይም ስክሪን ከዳር ብድግ ብሎ ክፍተት ካሳየ ደግሞ ባትሪው አብጧል፤ ስልኩን አጥፍቶ፣ ቻርጅ ሳይሰኩ፣ ባትሪውን ማስቀየር ነው።